መሃል ያለችው ቁጥር ብቻ ተቀየረች፣ ፕሮግራሜ ግን ቆመ

ይሄን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2022 መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ሌሊት፣ ተናድጄ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ገባበት። የረዳኝ አለ፣ የሰደበኝ አለ፣ ርዕሱን ጥሎ የሄደም አለ። እስከ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ስላልጠፋ፣ ምን እንደተባለ ከላይ እስከ ታች በራሴ አፍ ላውራችሁ።

የመጀመሪያው ልጥፍ

በፓይተን የተጻፈች ትንሽ የፍላስክ ፕሮግራም አለችኝ። ወራት ሙሉ ምንም አልነካኋትም፣ እሷም ሥራዋን ትሠራለች። ወደ አዲስ ማሽን ላዛውራት ብዬ በፒፕ ኢንስቶል አደረግኩ። ኢንስቶሉ ያለ አንዳች ችግር አለቀ። ሳስነሳት ግን ይሄ መጣ፦

```
ImportError: cannot import name 'soft_unicode' from 'markupsafe'
```

ማርክአፕሴፍ የሚባል ላይብረሪ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። የኔ `requirements.txt` ውስጥ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```
Flask==1.1.4
```

አሮጌው ማሽን ላይ ሄጄ ሳይ ማርክአፕሴፍ 2.0.1 ነው። አዲሱ ላይ 2.1.0 ነው። እኔ የማውቀው ደግሞ እንዲህ ነበር፦ የግራው ቁጥር ከተነሳ የድሮ አጠቃቀም ሊሰበር ይችላል፣ የመሃሉ ከተነሳ አዲስ ነገር ተጨምሯል የድሮው ግን እንዳለ ነው፣ የቀኙ ከተነሳ ስህተት ታርሟል። እዚህ የግራው 2 ነበር፣ አሁንም 2 ነው። ታዲያ ምን ሰበረው? ልጥፉን የዘጋሁት የቨርዥን ቁጥር ውሸት ነው፣ ከእንግዲህ አላምነውም ብዬ ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር በኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

#1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። እርስዎ እያለ፣ ሁለቱም ማሽኖች ላይ `pip freeze` ብዬ ውጤቱን እንዳስቀምጥ ጠየቀኝ። አስቀመጥኩ። ስድስት ላይብረሪዎች ናቸው፣ አምስቱ በቁጥር አንድ ናቸው። የተለየው ማርክአፕሴፍ ብቻ ነው።

#2

ይሄኛው እኔ የማውቀውን ሕግ ደገመልኝና፣ የግራው ቁጥር ካልተቀየረ መሰበር አይችልም፣ ስለዚህ ኢንስቶሉ ተበላሽቶብሃል፣ አጥፍተህ እንደገና ጫን አለኝ። አጠፋሁ፣ ጫንኩ፣ ያው ኤረር። ደግሞ `pip check` በል አለኝ። እሱም ምንም የተሰበረ ነገር የለም አለ! ጭራሽ ግራ ተጋባሁ።

#3

ሰርቨር ማስተዳደር እንጀራው የሆነ ሰው መጣና ክሩን አዳነው። የቨርዥኑን ቁጥር ወደ ጎን ትቶ መጀመሪያ ማን ማንን እንደሚጠራ አሳየኝ። እኔ ፍላስክን እጠራለሁ፣ ፍላስክ ጂንጃን ይጠራል፣ ጂንጃ ማርክአፕሴፍን ይጠራል። እያንዳንዱ የሚጠራውን ሲጠራ ከየት እስከ የት እንደሚቀበል ይጽፋል፦

```
Flask 1.1.4    ->  Jinja2>=2.10.1,<3.0
Jinja2 2.11.3  ->  MarkupSafe>=0.23
```

ሁለተኛውን መስመር ተመልከት አለ። ወለል አለው፣ ጣሪያ ግን የለውም። ጂንጃ 2.11.3 ሲጻፍ ማርክአፕሴፍ 2.1.0 ገና አልተወለደም። ከ0.23 በላይ የሆነ ሁሉ ይግባ ስለተባለ፣ 2.1.0 የወጣ ዕለት አዲስ የሚጫን ማሽን ላይ ሁሉ ገባ። `pip check` ምንም የለም ያለውም ለዚህ ነው። እሱ የሚያየው የተጻፈው ገደብ መከበሩን ብቻ ነው፣ 2.1.0 ደግሞ ከ0.23 ይበልጣል። ኮዱ ይሥራ አይሥራ የሱ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ የተሰበረው ራሱ ምን እንደሆነ አስረዳ። ማርክአፕሴፍ 2.0 ላይ `soft_unicode` የሚባለው ስም `soft_str` ተባለ። የድሮው ስም ለጊዜው እንዲሠራ ተተወ፣ ግን ሲጠራ 2.1 ላይ እንደሚወገድ የሚናገር ዋርኒንግ ተለጠፈበት። 2.1 ላይ እንደተባለው ተወገደ። ጂንጃ 2.11.3 ግን አሁንም በድሮ ስሙ ነው የሚጠራው።

እኔን የነካኝ የመጨረሻው አንቀጹ ነው። አንድ አፕዴት ይሰብራል ወይ ስትል የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው አለ። አንደኛ፣ የዚህ ላይብረሪ ባለቤት ያንን የሦስት ቁጥር ሕግ እከተላለሁ ብሏል ወይ? ሁለተኛ፣ የተነካውን ነገር የሚጠራው ማነው? አንተ ካልሆንክ፣ አንተ የጠራኸው ሰው የጠራው ሊሆን ይችላል።

#4

ቀጥሎ የመጣው ግን አልማረኝም። ውሸት የሚባለው ቃል ገብቶ ያፈረሰ ነው፣ ይሄ ላይብረሪ መቼ ቃል ገባልህ አለ። ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የሚባለው ቶም ፕሬስተን-ወርነር የጻፈው ሰነድ ነው፣ የፈለገ ይከተለዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል፤ ሦስት ቁጥር በነጥብ የለየ ሁሉ ሰነዱን ፈርሟል ማለት አይደለም አለ። በሰነዱ ሕግማ ቢሆን ስም መሰረዝ የግራውን ቁጥር ማስነሳት ነበረበት፣ 3.0.0 መባል ነበረበት፣ እሱን አመነልኝ። ግን ሰዎቹ 2.1 ላይ እናነሳዋለን ብለው አስቀድመው ጽፈዋል፣ እንዳሉትም አደረጉ፣ ጩኸትህን ትተህ ማንበብ ተማር ብሎ ዘጋው።

ነገሩ ልክ ነው። አነጋገሩን ግን ዛሬም አልወደድኩትም።

#5 እና #6

በንዴት መለስኩለት። ዋርኒንግ ተለጥፎ ነበር ካላችሁ እኔ ለምን አላየሁትም? ወራት ሙሉ ፕሮግራሙ ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ ምንም አላለኝም።

የመለሰልኝ ያ የሰርቨሩ ሰው ነው። ፓይተን ይህን ዓይነቱን ዋርኒንግ ራሱ ይደብቀዋል አለ። የሚያሳየው አንተ ቀጥታ ባስነሳኸው ፋይል ውስጥ ሲፈጠር ነው። ሌላ ላይብረሪ ውስጥ ከተፈጠረ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ተራ ተጠቃሚ በሌላ ሰው ኮድ ዋርኒንግ እንዳይሰለች ነው። ለማየት ከፈለግክ እንዲህ አስነሳው አለኝ፦

```
python -W default app.py
```

አሮጌው ማሽን ላይ ሞከርኩት። ሲነሳ ምንም አላለም። ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስዞር ግን አንዷ ላይ ያ መልእክት ብቅ አለ። የሚታየው ነገርዬው ሲጠራ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ሲነሳ አይደለም። መልእክቱ እዚያው ነበር ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ወር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አፈርኩ።

#7

አንድ ሰው ደግሞ የስልክ አፕሊኬሽን አፕዴት ላይ የምንነጋገር መስሎት፣ አውቶማቲክ አፕዴት ማጥፋት ይሻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች በትህትና አስረዱት። ሦስተኛው ቀለደበት። እሱም አመስግኖ ወጣ።

#8 እና #9

ወደ መፍትሔው ስንመጣ አንዲት ልጅ ቀላል ነገር አቀረበች። እኔ በቀጥታ ባልጠራውም ማርክአፕሴፍን ፋይሌ ውስጥ ልጻፈው፣ እንዲህ፦

```
Flask==1.1.4
MarkupSafe~=2.0
```

የምልክቱን ትርጉም ስታስረዳ፣ 2.0 ውስጥ ብቻ እንዲቆይ ያደርገዋል አለች። ገለበጥኩት፣ ጫንኩት፣ 2.1.0 ራሱ መጣ። ያው ኤረር።

#9 ላይ ሌላው አረማት። `~=` የሚለቀው የጻፍሽውን የመጨረሻ ቁጥር ነው። `~=2.0` ስትዪ የመጨረሻዋ ዜሮዋ ናት፣ ስለዚህ መሃሉ እንደልቡ ይወጣል፣ የሚቆመው 3 ላይ ሲደርስ ነው። `~=2.0.1` ብትዪ ግን የሚለቀቀው የቀኙ ነው፣ 2.1 አይገባም። አንዲት ቁጥር መጨመርና አለመጨመር ይሄን ያህል ልዩነት ያመጣል። ልጅቷ አልተቀየመችም፣ እንዲያውም ሁለት ዓመት ሙሉ በተሳሳተ መንገድ ስትጽፈው እንደኖረች ተናገረች። እኔ በመጨረሻ ነገር ሳላበዛ `MarkupSafe==2.0.1` ብዬ ቸነከርኩት። ፕሮግራሜ ተነሳች።

#10 እና #11

አንድ ጀማሪ ጂንጃ 2.11 እና ጂንጃ 2.9 አይቶ፣ 2.9 የሚበልጥ መስሎት አዲሱ እሱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የዋህ ጥያቄ አይደለም፣ እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር። ነጥቧ የአሥርዮሽ ነጥብ አይደለችም፣ መለያ ናት። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ይቆጠራል፣ ከ2.9 ቀጥሎ 2.10 መጣ፣ ከዚያ 2.11።

ከሱ ቀጥሎ በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሰው ስለራሱ ሰፈር ጻፈ። እዚያ `^1.2.3` ከተባለ 2 እስኪደርስ ሁሉም ይገባል፣ `^0.2.3` ከተባለ ግን 0.3.0 አይገባም። የግራው ቁጥር ዜሮ ሲሆን ሰነዱ ራሱ ማንኛውም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል ስለሚል፣ የነሱ ፒፕ የሆነው ኤንፒኤም የመሃሉን እንደ ግራው ይፈራዋል። በዜሮ የሚጀምር ላይብረሪ ካለህ የመሃሉ ሲነሳ ተጠንቀቅ ማለቱ ነው።

#12

ማርች መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት የራሷን ጉዳይ ይዛ መጣች። የሷ ፋይል ላይ ያለው ፍላስክ 1.1.2 ነው። ኤረሩም ሌላ ነው፦

```
ImportError: cannot import name 'escape' from 'jinja2'
```

ያን ሰሞን ጂንጃ 3.1 ወጥቶ ነበር፣ እሱም አንድ የድሮ ስም አስወግዷል። ጂንጃን ወደ 3.0.3 መለሰችው። ያኔ ደግሞ ሌላ ላይብረሪ፣ `itsdangerous`፣ በተመሳሳይ ምክንያት ወደቀባት። አንዱን ስትደፍን ሌላው ያፈሳል።

የሰርቨሩ ሰው የነገራት ነገር ይሄ ሁሉ ክር ውስጥ የወደድኩት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2021 ላይ ፍላስክ 1.1.3 ወጥቷል። የቀኙ ቁጥር ብቻ ናት የተነሳችው። ያመጣው ዋና ነገር ደግሞ ለሚጠራቸው ላይብረሪዎች ጣሪያ ማበጀት ነው፦ ጂንጃ ከ3.0 በታች፣ `itsdangerous` ከ2.0 በታች። ከ1.1.2 ወደ 1.1.4 ተሻግራ ቢሆን ሁለቱም ኤረሮች አይደርሱባትም ነበር። እሷ ግን የሚሠራን ነገር አትንካ ብላ ባለችበት ቆመች። የላይኛውን ቸንክራ ባለችበት ስትቆም ከሥሩ ያሉት እየተቀየሩ ነበር። የኔ ችግር እንኳ የመጣው የፍላስክ ጣሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ስለሚደርስ ነው። ጂንጃን ይይዛል፣ ጂንጃ የሚጠራውን አይይዝም።

#13 እስከ #16

እዚህ ላይ ጭቅጭቁ ጀመረ። የ#4ቱ ተናዳጅ ተመልሶ መጣና፣ ጥፋቱ የጂንጃ ነው፣ ከመጀመሪያው `<2.1` ብሎ መጻፍ ነበረበት አለ። ሌላው ወዲያው ተቃወመው። 2.1 ምን እንደሚያመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ጣሪያ ማድረግ ግምት ነው አለ፤ ደግሞ ሁሉም ላይብረሪ እንዲህ ጣሪያ ቢያበጅ፣ አንዱ ከ2.1 በታች ይላል፣ ሌላው ከ2.1 በላይ ይላል፣ ሁለቱን አብረህ መጫን አትችልም። በሱ አስተያየት ጣሪያ የሚያበጀው የመጨረሻው ፕሮግራም ባለቤት ነው፣ ማለትም እኔ፣ የ`pip freeze`ን ውጤት እንዳለ በማስቀመጥ። ላይብረሪ ግን ክፍት ይሁን።

ተናዳጁም ሁሉንም የቸነከረ ሰው የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍነውን የቀኝ ቁጥርም አያገኝም ብሎ መለሰ። ይሄኛውም እውነት አለው። በዚህ ላይ አራት መልስ ተጻጻፉ፣ አንዱ ሌላውን ደደብ ሊለው ምንም አልቀረውም፣ አልተስማሙም። እኔም እስካሁን የማን ወገን እንደሆንኩ አላውቅም።

#17

ክሩ ሞቶ ነበር። ዲሴምበር 2022 ላይ አንድ ሰው ቀሰቀሰው። ናምፓይን ከ1.23 ወደ 1.24 አሳድጎ ይሄ ገጥሞታል፦

```
AttributeError: module 'numpy' has no attribute 'int'
```

እንደገና የመሃል ቁጥር። ታሪኩም ያው ነው። `np.int` የፓይተን `int` ሌላ ስም ብቻ ነበር፣ ጃንዋሪ 2021 ላይ በወጣው 1.20 አይጠቅምም ተብሎ ዋርኒንግ ተለጠፈበት፣ 1.24 ላይ ተወገደ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ልዩነቱ እዚህ ስሙን የሚጠራው የራሱ ኮድ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ፈልጎ መቀየር ይችላል፣ እንደኔ የሌላ ሰው ላይብረሪ መጠበቅ የለበትም።

#18

የሰርቨሩ ሰው ለሱ ሲመልስ ራሱ እንዴት እንደሚያደርግ ነገረን። የቁጥሩ ልዩነት ምን ያህል ተጠንቅቆ ማንበብ እንዳለበት ብቻ ነው የሚነግረው። የቀኙ ብቻ ከተነሳ የለውጥ ዝርዝሩን ሮጥ ሮጥ ብሎ ያያል። የመሃሉ ከተነሳ `removed` እና `deprecated` የሚሉትን ቃላት ፈልጎ፣ የተጠቀሱትን ስሞች አንድ በአንድ ኮዱ ውስጥ ይፈልጋል፦

```
grep -rn "np\.int\b" .
```

ያንኑ ፍለጋ ላይብረሪዎቹ የተጫኑበት `site-packages` ላይም ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚዘልላት ደረጃ ይቺ ናት። እኔ ያን ጊዜ `soft_unicode` ብዬ እዚያ ውስጥ ብፈልግ ኖሮ ጂንጃ በአንድ ሴኮንድ ይወጣልኝ ነበር። የግራው ቁጥር ከተነሳ ደግሞ ይሰበራል ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ጊዜ መድቦ።

ከዚያ በፊት ግን ምን ሊገባ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከፒፕ 22.2 ጀምሮ ምንም ሳይጭን የሚገባውን ዝርዝር የሚያሳይ ነገር አለ፦

```
pip install --dry-run -r requirements.txt
```

ይሄን ባዶ በሆነ አዲስ `venv` ውስጥ አድርጎ፣ የሚወጣውን ዝርዝር ከድሮው `pip freeze` ጋር ያነጻጽራል። የተለየ ቁጥር ያለው መስመር ብቻ ነው የሚያሳስበው። አንድ ሰው ይሄ ሁሉ ለአንድ ትንሽ ፕሮግራም ይበዛል አለው። አዎ፣ አንዳንዴ ይበዛል ብሎ መለሰለት።

#19

የመጨረሻው ታሪክ የኔው ነው። ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ቸንክሬ አልኖርም ብዬ ፍላስክን ወደ 2.2.2 ላሳድግ ተነሳሁ። የግራው ቁጥር ተነስቷል፣ ስለዚህ የለውጥ ዝርዝሩን በትዕግሥት አነበብኩ፣ ኮዴን አስተካከልኩ። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር። ከዚያ ልጭን ስል፦

```
ERROR: ResolutionImpossible
```

ፍላስክ 2.2.2 ወርክዙግ ከሚባለው ላይብረሪ አዲሱን ይፈልጋል። ያ ወርክዙግ ማርክአፕሴፍ ከ2.1.1 ጀምሮ ካልሆነ አልቀበልም ይላል። እኔ ደግሞ ፌብሩዋሪ ላይ በእጄ የጻፍኳት `MarkupSafe==2.0.1` እዚያው ተቀምጣለች። ረስቻታለሁ። ለምን እንደጻፍኳት የሚናገር አንድ የማስታወሻ መስመር እንኳ አጠገቧ አላስቀመጥኩም። ቢያንስ አሁን ፒፕ ከመጫኑ በፊት እምቢ አለ፤ ያኔ ግን ዝም ብሎ ጭኖ ነው ጉድ ያደረገኝ።

መስመሯን ሰረዝኩ፣ ተጫነ፣ ተነሳች።

#20 እና #21

ታሪኬን እንደጻፍኩ የ#4ቱ ሰውዬ ዝም ብሎ አላለፈኝም። ይቺኛዋስ ቁጥር ዋሽታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በዚህኛው ሳቅኩለት።

ከሱ በታች አንድ ሰው፣ እንዲህ ለጊዜው የተቸነከረ መስመር መነሻው ምክንያት ሲያልቅ የሚያስታውስ መሣሪያ አለ ወይ ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።